«ስንጥቡ ወደ ሳንባ ተቀየረ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ከቦርከና ዳር የእንቁራሪት እጭ አምጥተን ክፍል ውስጥ በመስታወት ማሰሮ እያየን ነው። አንድ ተማሪዬ እንዲህ ጻፈ፦ «ስንጥቡ ወደ ሳንባ ተቀየረ። እግር አወጣ። ጭራው ወደቀ።» ሰዋስዉ ደህና ነው፤ ግሶቹ ግን ልክ ናቸው? (የሳይንስ መምህርት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አንዱን ይለፉት፤ ሁለቱን ያርሙ። ዳኛው ሰዋስው ሳይሆን የእጩ አካል ነው።

«ይህ ወደዚያ ተቀየረ» ስንል የመጀመሪያው ነገር ራሱ አለ፤ ሌላ የሆነው መልኩ ነው። ስንጥብና ሳንባ እንዲህ አይደሉም። እጩ ከዕንቁላል እንደወጣ ስንጥቡ ከአንገቱ ግራና ቀኝ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ይታያል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቆዳ ይሸፍነውና ሥራው በውስጠኛው ስንጥብ ይቀጥላል። ውሃ በአፍ ይገባል፣ ስንጥቡን አጥቦ ያልፋል፣ ከዚያ በጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። ቀዳዳዋ በብዙ ዝርያዎች በግራ በኩል ናት።

ሳንባው የሚያድገው ከዚህ ሁሉ ተለይቶ ነው፤ ከምግብ ቱቦው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ይወጣል። በብዙ ዝርያዎች ሁለቱ ለተወሰነ ጊዜ አብረው ይሠራሉ። እጩ ወደ ውሃው ፊት ብቅ ብሎ አየር ሲጎርስ ካያችሁት፣ ስንጥቡ ገና ሳይጠፋ ሳንባውን እየተጠቀመ ነው ማለት ነው። ስንጥቡ የሚጠፋው ኋላ ነው። ስለዚህ ትክክሉ «ስንጥቡ በሳንባ ተተካ» ነው። ኮምቦልቻ ላይ ጋሪው በባጃጅ ተተካ እንጂ ጋሪው ባጃጅ ሆነ አንልም።

«ተቀየረ» የሚያምርበት ቦታ ነበረ፤ ተማሪው ሳይጽፈው ቀረ እንጂ። ምግቡ ነው። እጩ ቀንድ መሰል ጠንካራ ከንፈርና ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። በእነሱ ከድንጋይና ከቅጠል ላይ ዋቅላሚ እየፋቀ ይበላል። እንዲህ ያለ ምግብ ቶሎ ስለማይፈጭ አንጀቱ በጣም ረጅም ነው፤ ተጠቅልሎ በሆዱ ቆዳ በኩል ይታያል። ልጆቹ ማሰሮውን ከፍ አድርገው ከሥር ይዩት።

ጊዜው ሲደርስ ጠንካራው ከንፈር ይረግፋል። አፉ ይሰፋል፣ ምላስ ያበቅላል። አንጀቱ ደግሞ ያጥራል፤ በአንዳንድ ዝርያዎች ወደ ሩብ ርዝመቱ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ምግቡ ነፍሳትና ትል ነው። እዚህ ላይ ያው አንጀት ነው እንደገና የተሠራው፤ ሌላ አልመጣም። «አንጀቱ ተቀየረ» ብሎ ቢጽፍ ሙሉ ማርክ ይገባዋል።

«እግር አወጣ» ይለፍ። ሕፃን ጥርስ አወጣ እንደምንለው ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምር። የኋላ እግሮቹ ከጭራው ሥር እንደ እምቡጥ ሆነው ይጀምራሉ፤ እድገታቸውን ቀን በቀን ማየት ይቻላል። የፊቶቹ ግን ስንጥቡን በሸፈነው ቆዳ ውስጥ ተደብቀው ያድጋሉ። አልቀው ሲያበቁ ቆዳውን በስተው ድንገት ይወጣሉ። ልጆቹ «በአንድ ሌሊት በቀለ» የሚሉት ለዚህ ነው። ለፊቶቹ «ብቅ አሉ» የተሻለ ነው።

«ጭራው ወደቀ» ግን ፈጽሞ አይሆንም። ወድቆ ቢሆን ማሰሮው ውስጥ ይገኝ ነበር! ጭራው እዚያው ባለበት ይፈርስና ንጥረ ነገሩ ወደ ሰውነቱ ይገባል። እጩ በዚህ ወቅት መብላት ያቆማል፤ የድሮው አፍ ሄዷል፣ አዲሱ ገና ነው። የሚያኖረው በከፊል ይኸው ጭራ ነው። «ጭራው እያጠረ ጠፋ» ይበል። አልበላም ብላችሁ የእንጀራ ፍርፋሪ አትጨምሩለት፤ ውሃውን ያበላሸዋል።

ሌላም ግስ አለ፤ «አደገ»። ብዙ ሰው ለዚህ ሁሉ ለውጥ ይጠቀምበታል። ለውጡን የሚያዘው አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ነው፤ በሰው ላይ ሲያብጥ እንቅርት የምንለው። በ1912 (እ.ኤ.አ.) ጉደርናትሽ የተባለ ተመራማሪ የፈረስ ታይሮይድ ለእጮች አበላ። እጮቹ ያለ ጊዜያቸው ተለወጡ፤ ግን ድንክ ሆነው ቀሩ። ተለወጡ፣ አላደጉም። ሁለቱን ግሶች ለይተን መያዝ ያለብን ለዚህ ነው።

እግረ መንገዴን፣ የፊት እግሮቹ ብቅ ሲሉ ውሃውን ቀንሱና ከውሃው በላይ የሚወጣ ድንጋይ አስገቡ። ስንጥቡ እየጠፋ ስለሆነ፣ መውጫ ያጣ እንቁራሪት ማሰሮው ውስጥ ሰምጦ ይሞታል።