ማኅተም ሥር የተደበቀው ቁጥር

«ታናሽ ወንድሜ ለሁለተኛ ዲግሪ የተቀበለው ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤውን በስካን ላከልን። ሁለት ገጽ ነው፤ አንዳንዱ ቁጥር አይነበብም። እሱ መስክ ላይ ስለሆነ መስፈርቱን፣ ክፍያውን፣ ቀኑንና ይዞ የሚሄደውን ማስረጃ አሳጥሬ ልጽፍለት ነው። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ በድሬ ወግ «አንቺ» እልሻለሁና ቅር አይበልሽ። ከዚራ ውስጥ በጽሕፈትና ኮፒ ሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የምዝገባ ሰሞን በየቀኑ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አያለሁ።

ከመጻፍሽ በፊት የተሻለ ምስል ፈልጊ። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ነገር ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ በፋይል መልክ ይላክልሽ። ዋናው ደብዳቤ ያለበት ሰው ካገኘሽ ደግሞ በ300 ዲፒአይ፣ በቀለም ስካን እንዲያደርገው ለምኚው። የመሥሪያ ቤት ማኅተም ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ነው። በቀለም ሲነሳ ከሥሩ ያለው ጥቁር ጽሑፍ ተለይቶ ይታያል፤ በጥቁርና ነጭ ከሆነ ግን ማኅተሙና ቁጥሩ ተደባልቀው አንድ ጥቁር ነገር ይሆናሉ። ደብዳቤው «አባሪ» የሚል ቃል ካለውም አባሪው አብሮ መላኩን ተመልከቺ፤ የክፍያው ዝርዝር ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የአክስቴን ልጅ ደብዳቤ ያሳጠርኩት እኔ ነበርኩ። ምዝገባው «ከሰኞ ጥቅምት 4 እስከ ዓርብ ጥቅምት» ይልና የመጨረሻው ቁጥር ላይ ማኅተም አርፎበታል፤ ስድስት ይሁን ስምንት አይለይም። ሰኞ 4 ከሆነ ዓርብ 8 መሆኑ ግልጽ ነው፤ ስድስት ቢሆን ረቡዕ ይውላል። ስለዚህ ቀን ስትጽፊ የሳምንቱን ዕለት አትጣዪ፣ በቀን መቁጠሪያም አመሳክሪው። «05/02/2017» ብሎ የሚጽፍም አለ። ዓመቱ የኢትዮጵያ ከሆነ ጥቅምት 5 ነው ወይስ ጥር 2? በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ሌላ ቀን ፈልጊ፤ ከ13 የሚበልጥ ቁጥር የቱ ቦታ ላይ እንደተቀመጠ ስታዪ የቀኑና የወሩ ቅደም ተከተል ይገለጥልሻል።

ክፍያውም እንዲሁ ነው። የእሷ ደብዳቤ «600 ብር» ይል ነበር፤ ቤተሰቡ የሴሚስተር ክፍያ መስሎት ተደሰተ። ከፊቱ በደቃቃ ፊደል «ለአንድ ክሬዲት ሰዓት» የሚል ነበረበት። አባሪው ላይ ያሉት የመጀመሪያው ሴሚስተር ትምህርቶች ሲደመሩ 12 ክሬዲት ሆኑ፤ ክፍያው 7,200 ብር፣ መመዝገቢያው ለብቻው 300። ገንዘብ ስትጽፊ ለምን፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈል አብረሽ ጻፊ። በፊደል የተጻፈ ካለ ከአኃዙ ጋር አስተያዪው፤ አንዲት ዜሮ ማኅተም ሥር ብትጠፋ ፊደሉ ይመሰክራል።

እስከዚህ ድረስ ደህና ሠርቼ ነበር። የተሳሳትኩት ማስረጃው ላይ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ደብዳቤው ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ይጠይቃል፤ እኔም ከጉርድ ፎቶግራፉና ከዲግሪው ጋር «ይዘሽ የምትሄጂው» ከሚለው ሥር ጻፍኩት። እሷም እጇ ላይ የነበረውን የተማሪ ቅጂ ይዛ ሄደች። ሬጅስትራሩ አልቀበልም አላት፤ ኦፊሴላዊው ከተመረቀችበት ተቋም ታሽጎ በቀጥታ የሚላክ ነው። የተመረቀችበት ቦታ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳሽ ሳያልቅ አልልክም አላት። ገንዘቡን ለማሟላትና ለማስላክ አንድ ሳምንት አለፈ፤ በቅጣት የሚመዘገቡበትም ቀን ሊያመልጣት ለጥቂት ነበር። «እንዲላክ» የምትለዋን ቃል አይቻታለሁ፤ ግን ቁም ነገር አልመሰለችኝም።

ከዚያ ወዲህ ማስረጃን ሁለት ቦታ እከፍለዋለሁ። አንደኛው በእጅ የሚያዝ ነው፦ ዲግሪው ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ከነብዛቱ፣ የሚሠራ ሰው ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ። ሁለተኛው ሌላ ሰው የሚልከው ነው፤ እሱን ከሁሉ በላይ፣ ከምዝገባው ቀን በፊት አስቀምጪው፤ ወንድምሽ ዛሬውኑ መጀመር ያለበት እሱን ነው። ደብዳቤው የተጻፈበትን ቅደም ተከተል አትከተዪ። ዩኒቨርሲቲው የሚጽፈው በራሱ ልማድ ነው፤ ወንድምሽ የሚያስፈልገው ግን የቱ እንደሚቀድም ማወቅ ነው።

ለምሳሌ የእሷን ዛሬ ብጽፈው እንዲህ ይሆን ነበር፦

አሁን፦ የወጪ መጋራት መጨረስ፣ ትራንስክሪፕት ማስላክ (ገጽ 1፣ አንቀጽ 3)
ሰኞ ጥቅምት 4 – ዓርብ ጥቅምት 8፦ ምዝገባ፤ 300 ብር አንድ ጊዜ፣ 7,200 ብር ለመጀመሪያው ሴሚስተር (ገጽ 1 እና አባሪ)
ጥቅምት 11 እና 12፦ ምዝገባ ከቅጣት ጋር፤ የቅጣቱ መጠን አይነበብም፣ ይጠየቅ

ገጹን ከጎን የምጽፈው ወንድምሽ ከተጠራጠረ ራሱ እንዲያየው ነው። «አይነበብም» ብለሽ መጻፍም አይክበድሽ። ከደብዳቤው ግርጌ የሬጅስትራሩ ስልክ ይኖራል፤ ጠዋት ደውዪላቸው፣ የደብዳቤውን ቁጥርም አጠገብሽ አድርጊ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።