ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ትኩሳትና ሽፍታ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ በ9 ወሯ የኩፍኝ ክትባት ወሰደች። በስምንተኛው ቀን አተኮሳት፤ ፊቷና ደረቷ ላይም ሽፍ አለባት። ክትባቱ ራሱ ኩፍኝ አስያዛት ማለት ነው? የ15 ወሩንስ ባስቀርባት ይሻላል?

መልስ፦ የነገሩኝ ቀን ከክትባቱ ጋር ይገጥማል። ከክትባቱ በኋላ ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን ድረስ ከመቶ ሕፃናት ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ያተኩሳቸዋል፤ 5 ያህሉ ደግሞ ቀለል ያለ ሽፍታ ይወጣባቸዋል። በሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ወደ ሌላ ልጅም አይተላለፍም።

በመርፌው ውስጥ ያለው ሕያው የኩፍኝ ቫይረስ ነው፤ ግን የተዳከመ ነው። ዘሩ በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ ከታመመ ተማሪ የተወሰደ ሲሆን፣ በዶሮ ሽል ሕዋሳት ላይ ደጋግሞ እንዲራባ ተደርጓል። እዚያ መኖር ሲለምድ በሰው አካል ውስጥ እንደ ቀድሞው መራባት አቃተው። የላይኛው ገጽታው ግን ብዙም አልተለወጠም፤ ሰውነታችን ቫይረሱን የሚለየው ደግሞ በዋናነት በዚህ ገጽታ ነው።

ልጅዎ ክንዷ ላይ ግማሽ ሚሊ ሊትር ስትወጋ ቫይረሱ ቀስ እያለ መራባት ይጀምራል። ዘብ የሚቆሙ ሕዋሳት ይውጡትና ቁርጥራጩን ብብቷ ሥር ወዳለው ንፍፊት ይወስዱታል። እዚያ ካሉት እጅግ ብዙ ነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ከዚያ ቁራጭ ጋር የሚገጥሙት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። እነሱ ተለይተው ይባዛሉ፤ ይህም አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ያዩት ትኩሳትና ሽፍታ ይህ ሥራ ሲጧጧፍ የሚመጣ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ቫይረሱ ላይ ተጣብቀው የሚያከሽፉት አንቲቦዲዎች ደም ውስጥ ይታያሉ። ከዚያ አብዛኞቹ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ቫይረሱን የሚያስታውሱት ግን ለብዙ ዓመታት ይቆያሉ። እውነተኛው ኩፍኝ ከተያዙበት ቀን አንስቶ ሽፍታ እስኪያወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስድበታል፤ እነዚህ ሕዋሳት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይነሡበታል።

የ15 ወሩን አያስቀሩባት። በ9 ወር የተከተበ ልጅ ሁሉ አይጠበቅም፤ ከመቶው 15 ያህሉ ይቀራሉ። አንዱ ምክንያት ከእናት የተወረሰ አንቲቦዲ ነው፤ የተዳከመውን ቫይረስ ገና ሳይራባ ያጠፋዋል፤ የልጁ ሰውነትም ሳይማር ይቀራል። ሁለተኛው መርፌ በዋናነት ለእነዚህ ልጆች ነው፤ ልጅዎ ከእነሱ አንዷ ትሁን አትሁን በዓይን አይታወቅም።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ሽፍታው ከሳል፣ ከዓይን መቅላትና ከአፍንጫ ፈሳሽ ጋር ከመጣ፣ በተለይ ሰፈር ውስጥ ኩፍኝ ካለ፣ ከክትባቱ በፊት ተይዛ ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ያሳዩአት። ጡት እምቢ ካለች፣ ከፈዘዘች ወይም ካንቀጠቀጣት ሳይውሉ ሳያድሩ ይውሰዷት። ለትኩሳቱ በክብደቷ የተለካ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ይበቃታል። በ15 ወሯ ሲሄዱ የክትባት ካርዷን ይያዙና ይህንኑ ለባለሙያው ይንገሩ።