1.7 ይዤ መጣሁ፣ «ወድቀሻል» አሉኝ

«ከፍኖተ ሰላም ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን እዚሁ አገር ቤት በ3.40 ጨርሼ፣ ማስተርሴን ጀርመን በውሃ ምህንድስና ሠራሁ። ውጤቴ 1.7 ነው። ባህር ዳር ለወጣ ሥራ ሳመለክት ማስታወቂያው 3.00ና በላይ ይላል። የሰው ሀብት ክፍሉ ልጅ 1.7ቱን በቀይ እስክሪብቶ ከብቦ "በዚህ ነጥብ እንዴት አስመረቁሽ?" አለኝ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ልጁ ተንኮለኛ አይመስለኝም። እሱ የሚያውቀው ነጥብ ከፍ ሲል ይሻላል፣ የጀርመኑ ግን ዝቅ ሲል ነው የሚሻለው። እዚያ 1.0 ጣሪያው ነው፣ 4.0 ለጥቂት ያለፈ ነው፣ 5.0 ደግሞ የወደቀ። እኔም አንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ አመልካቾችን በኤክሴል ከ3.00 በታች ያለውን አስወጣ ብለን ስናጣራ፣ 1.3 ያመጣ ልጅ ማንም ወረቀቱን ሳያይለት ቀርቷል። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ አንቺ። ጀርመን ስታመለክቺ 3.40ሽን ወደ እነሱ ነጥብ ሳይቀይሩት አይቀሩም። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የባቫሪያ ቀመር የሚባለውን ነው የሚጠቀሙት፦

```
x = 1 + 3 × (Nmax − Nd) / (Nmax − Nmin)
```

Nmax የአገርሽ ከፍተኛ ነጥብ ነው፣ Nmin ማለፊያው፣ Nd ያንቺ ውጤት። በእኛ አገር ለመጀመሪያ ዲግሪ 4.00 እና 2.00 ስለሆነ 3.40ሽ 1.9 ይሆናል። 1.7ቱን ደግሞ በዚያው ቀመር ወደ ኋላ ብትመልሺው 3.53 ይመጣል።

እዚህ ላይ ግን ቆም በይ። ማለፊያውን 2.00 ማን አለ? እኛ ጋ ማስተርስ ለመመረቅ ብዙ ቦታ 3.00 ነው የሚጠየቀው። ያንን ብታስገቢ ያው 1.7 3.77 ይሆናል። አየሽ፣ ቁጥሩ የሚወሰነው ወለሉን የት እንዳደረግሽው ነው፣ ስለዚህ ሲቪሽ ላይ «ሲጂፒኤ 3.77» ብለሽ እንዳትጽፊ። ዲግሪሽ ላይ የሌለ ቁጥር ነው፣ አንድ ቀን ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አጭበርብራለች ይልሻል። የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ «1.7 (በጀርመን አሰጣጥ፣ ከፍተኛው 1.0፣ ማለፊያው 4.0)»። ስሌቱን ለብቻው በደብዳቤ አያይዢው፣ ያውም ዝቅተኛውን 3.53 ይዘሽ። ማስታወቂያው የጠየቀው 3.00 በዚሁ ስሌት 2.5 አካባቢ ነው የሚያርፈው፣ አንቺ ደግሞ 1.7 ነሽ። በሌላኛው ወለል ከሄዱማ ያለፈ ሁሉ 3.00 አለው። በየትኛውም ብትሄጂ ታልፊያለሽ፣ ደብዳቤው ላይ ይህንን ነጥብ አስቀድሚው።

ትርጉም ላይም ተጠንቀቂ። 1.7 በጀርመንኛ «ጉት» ነው የሚባለው። ተርጓሚው ቃል በቃል «ጥሩ» ካለው፣ እዚህ አገር ሰው ቢ ብሎ ያነበዋል። ቃሉ ይተርጎም፣ ግን ከጎኑ ነጥቡ ከነመለኪያው ይቀመጥ። የዲግሪውንም ስም ተርጓሚ እንዳያሻሽለው። ድሮ ጀርመን የተማሩ ሰዎች «ዲፕሎም» የሚል ወረቀት ይዘው መጥተው «ዲፕሎማ ነው» ተብለው ከዲግሪ በታች የተቀመጡ ነበሩ፣ የዩኒቨርሲቲው ዲፕሎም ግን ከማስተርስ ጋር የሚሄድ ነበር።

ከዲግሪሽ ጋር «ዲፕሎማ ሰፕልመንት» የሚባል ሰነድ ሰጥተውሻል፣ ብዙ ሰው ፋይል ውስጥ ይረሳዋል። አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛም ስለሚገኝ መተርጎምም አያስፈልግሽም። ክፍል 3 የትምህርቱን ደረጃና የሚፈጀውን ጊዜ ይናገራል፣ 4.4 ደግሞ የነጥብ አሰጣጡን። እድለኛ ከሆንሽ እዚያው ከተመራቂዎቹ ስንት በመቶው የትኛውን ነጥብ እንዳገኘ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። ከማንኛውም ቀመር ያ ይሻላል፣ ምክንያቱም 1.7 ብርቅ ይሁን ተራ የሚናገረው እሱ ነው። ከሌለ ለትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ኢሜይል ጽፈሽ ጠይቂ።

ሌላው የአቻ ግምት ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው የሚሰጠው፣ አባይን ተሻግረሽ አዲስ አበባ መውረድ ያስፈልግሽ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ግን አታምታቺው፣ አቻ ግምት በዋናነት ዲግሪሽ እዚህ አገር የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚቆጠር ነው የሚመልሰው። ማስተርስ ነው ከተባለ በኋላ 1.7ቱ ምን ያህል ነው የሚለውን ክርክር በዚህኛው ደብዳቤ ነው የምትዘጊው።

እሱን ግን አትጠብቂ። የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን እንዳያልፍብሽ ደብዳቤውን፣ ስሌቱንና 4.4 ያለበትን ገጽ ኮፒ አድርገሽ ነገ ጠዋት በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊ። ቀይ እስክሪብቶ ያነሳው ልጅ ጠረጴዛ ላይ ትተሽው እንዳትመጪ፣ ማህተምና ቀን ያረፈበት ኮፒ እጅሽ ላይ ይቅር።