ትንሽ ሥራ ብቻ ስላየንበት ተለማማጅ ምን ይጻፋል?

«ቢሯችን 2 ወር የቆየ ኢንተርን ሊወጣ ነው። የግምገማ ፎርሙን አንቺ ሙይ ተባልኩ። ልጁ ከዚህ በፊት የትም ሠርቶ አያውቅም። እኛ ጋም የሠራው ትንሽ ነው፤ ግማሹን ጊዜ ደግሞ እኔ መስክ ላይ ነበርኩ። ፎርሙ ከ1 እስከ 5 የሚሞሉ 12 መስፈርቶች አሉት። ሁሉንም 4 ብዬ ልገላገል ወይስ ምን ልጻፍ?»

እህቴ፣ ሁሉንም 4 አትበይ። እኔ ብዬ አፍሬበታለሁ። አንድ ጊዜ ሦስት ተለማማጆች በአንድ ሳምንት ወጡብኝ። ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር አንዱን ፎርም ሞላሁና ለሁለቱ ገለበጥኩት። «ታታሪ፣ ትሁት፣ ለመማር ጉጉ» እያልኩ። ትንሽ ቆይቶ የትምህርት ቤታቸው አስተባባሪ ደወለችልኝ። ሦስቱን ፎርሞች ጎን ለጎን ዘርግታ እያየች ነበር። «ለመሆኑ የቱ ነው ሥራ የሚችለው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። የሚቆጨኝ ደግሞ ከሦስቱ አንደኛዋ የምር ጎበዝ ነበረች። የእሷም 4 ከሌሎቹ 4 ጋር ተደባልቆ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ፎርሙን መጨረሻ ላይ ነው የምከፍተው። መጀመሪያ ባዶ ወረቀት አወጣና የሳምንቶቹን ቁጥር ከላይ ወደ ታች እጽፋለሁ። ከእያንዳንዱ ሳምንት ጎን ልጁ እጁን ያሳረፈበትን ነገር አሰፍራለሁ። ከጭንቅላቴ አይደለም፤ ከጭንቅላት ከጻፍሽ ያለፉት አሥር ቀናት ብቻ ናቸው የሚመጡልሽ። የላከልሽን ኢሜይል ፈልጊ። የሠራቸው ፋይሎች መቼ እንደተቀየሩ እዪ። ራሱንም «የሠራኸውን በዝርዝር ጽፈህ አምጣልኝ» በዪው። የልምምድ መዝገብ የሚይዝ ከሆነ እሱም አለልሽ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት ተኩል አያልፍም።

መስክ በነበርሽበት ጊዜ አብረውት የሠሩትንም ጠይቂ። «ልጁ እንዴት ነበር?» ካልሽ ግን «ኧረ ጥሩ ልጅ ነው» ብለውሽ ያልፋሉ። እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ምን ሰጠኸው? እንዴት አድርጎ መለሰልህ? ከመለሰልህ በኋላ አንተ እንደገና ሠራኸው ወይስ እንዳለ ተጠቀምክበት? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሰው ትንሽ ያስባል፤ ከዚያ እውነቱን ይናገራል።

እንዴት እንደሚወጣ በአንድ ልጅ ላሳይሽ። ሒሳብ ክፍላችን ለ10 ሳምንት የመጣች ተማሪ ነበረች። ከዚያ በፊት አንድም ቦታ ሠርታ አታውቅም። ወረቀቴ ላይ ሳሰፍረው ያየሁት ነገር አሳፈረኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት የሲስተም መግቢያ ፓስወርድ አልተሰጣትም ነበር። ስለዚህ ቫውቸር በቁጥር እየደረደረች ስታስር ከረመች። ሁለት ሳምንት ለፈተና ሄዳለች። ሒሳብ የሚባል ነገር የነካችው በቀሩት አምስት ሳምንታት ነው። በዚያም የሠራችው የሁለት ወር የባንክ ሒሳብ ማስታረቅና አንድ የአቅራቢዎች ዝርዝር ብቻ ነው። በቃ። በዚህ ላይ ተመርኩዤ ነው «የሥራ ብቃት» የሚለውን መሙላት ያለብኝ።

ግን ሁለቱን ማስታረቂያዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነገሩ ተቀየረ። በመጀመሪያው ወር የባንኩ ስቴትመንትና የእኛ መዝገብ አልገጥም ብለዋት 11 ነገር ሳይፈታ አመጣችልኝ። አብዛኛው ያልተጣራ ቼክ ነበር፤ እኛ ጽፈን የሰጠነው፣ ባንኩ ግን ገና ያልከፈለው ማለት ነው። ይህ ገና አልገባትም ነበር። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አሳየኋት። በሁለተኛው ወር ያልተፈታው 2 ብቻ ሆነ። ከፈታቻቸው አንዱ ደግሞ እኔም ብሆን ጊዜ የሚወስድብኝ ነበር። ልዩነቱ 360 ነው። «ለ9 ስለሚካፈል ቁጥር የተገለበጠ መስሎኝ ፈለግኩ» አለችኝ። እውነትም 6,370 የነበረው 6,730 ተብሎ ገብቷል። የሁለት አሃዝ ቦታ ሲቀያየር ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ይህን እኔ አላስተማርኳትም። ከክፍል የተማረችውን ይዛ መጥታ ሥራ ላይ አዋለችው።

አየሽ፣ የሥራ ታሪክ የሌለውን ሰው ከቋሚ ሠራተኛ ጋር ካስተያየሽው ሁሌም ያንሳል። ሌላ ማስተያያ ስትፈልጊ የምታገኚው ራሱን ነው፤ ሲመጣና ሲወጣ። ለዚህ ደግሞ አንድ ዓይነት ሥራ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሠርቶ መሆን አለበት። ገና ሁለት ሳምንት የቀረሽ ከሆነ ዛሬውኑ መጀመሪያ አካባቢ ከሠራው ሥራ አንዱን መልሰሽ ስጪው። አዲስ ነገር ከምታሸክሚው ያ ይሻልሻል።

አጻጻፉ ላይ እኔ የምለካው እርዳታውን ነው። ሥራውን የሠራው ደረጃ በደረጃ እየተነገረው ነው? አንዴ ታይቶለት ራሱ ሠርቶ እኔ አረምኩለት? ወይስ ብቻውን ጨርሶ እንዳለ ተጠቀምንበት? «ጎበዝ» የሚለው ቃል ለአንዱ አንድ፣ ለሌላው ሌላ ነው። «ብቻዋን ጨረሰች፣ እኔ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አየሁ» ሲባል ግን አንባቢው ሁሉ አንድ ነገር ይገባዋል። ለዚያች ልጅ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦

«የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ሁለት ጊዜ ሠርታለች። የመጀመሪያውን በዝርዝር እየተነገራት ሠርታ 11 ያልተፈቱ ነጥቦችን አቅርባለች። ሁለተኛውን ብቻዋን ሠርታ 2 ብቻ ቀርተዋታል፤ አንድ የተገለበጠ ቁጥርም ራሷ ፈልጋ አግኝታለች። ሥራዋ ከመጽደቁ በፊት አሁንም በሌላ ሰው መታየት አለበት።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አንዳንድ ሰው ይፈራታል፣ ልጅቷን የምትጎዳ ይመስለዋል። እኔ ግን እንደማስበው ከላይ ያለውን የምታሳምነው እሷ ናት። የተማሪ ሥራ በሌላ ሰው መታየቱ ደግሞ ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ፎርሙ። ከ12ቱ መስፈርቶች ጥቂቱ ላይ ምንም ያላየሽው ነገር አይጠፋም። የእኔ ፎርም ላይ «የአመራር ችሎታ» የሚል ነበር። ቫውቸር ስታስር የከረመች ልጅ ማንን ትምራ? ሰው እዚህ ላይ 3 ሰጥቶ ያልፋል፣ መሃል ስለሆነ ምንም ያልተናገረ ይመስለዋል። 3 ግን ነጥብ ነው። «አየሁት፣ መካከለኛ ነው» ማለት ነው። ያላየሽውን ክፍት ተዪና ጎኑ ላይ «በልምምዱ ጊዜ ለማየት አጋጣሚ አልነበረም» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ በፊት ግን አስተባባሪውን ደውለሽ ክፍት የተተወ ቦታ እንዴት እንደሚደመር ጠይቂ። አንዳንድ ቦታ ክፍቱን እንደ ዜሮ ይቆጥሩታል፤ ያኔ ልጁን ሳታውቂ ቀበርሽው ማለት ነው። መሞላት አለበት ካሉሽ ሙይው፣ ማብራሪያሽን ግን አታጥፊ።

በእኛ ጥፋት የጠፋውን ጊዜም ጻፊ። እኔ «ከ1ኛው እስከ 3ኛው ሳምንት የሲስተም መግቢያ ስላልተሰጣት በፋይል ሥራ ላይ ነበረች» ብዬ አስገባሁ። አለቃዬ አልወደደውም፣ «ገመናችንን ለምን ታወጣዋለህ» አለኝ። ካልተጻፈ ግን አንባቢው በ10 ሳምንት ሁለት ማስታረቂያ ብቻ የሠራች ሰነፍ አድርጎ ነው የሚያያት። በመጨረሻ ተስማማ።

ድክመት ሲሆን ጠባዩን ሳይሆን የሆነውን ጻፊ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነም ጨምሪ። ያቺ ልጅ የአቅራቢዎቹ ዝርዝር ላይ ተቸግራ ለሁለት ቀን ለማንም ሳትናገር ተቀምጣለች። መጀመሪያ የጻፍኩት «ዓይን አፋር ናት፣ አትግባባም» የሚል ነበር። ከዚያ ሳስበው አንድ ጊዜ ነው የሆነው። ለዚያውም እኔ ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ ከእኔ ሌላ ማንን እንደምትጠይቅ ማንም አልነገራትም። ስለዚህ አጠፋሁና «በአንድ ሥራ ላይ ስትቸገር ለሁለት ቀን ሳታሳውቅ ቆይታለች፤ ከተነገራት በኋላ በዚያው ቀን መጠየቅ ጀምራለች» አልኩ። መቅረትና ማርፈድ ካለ ቀኑን ቆጥረሽ አስፍሪ፣ ምክንያቱ የቤተሰብ ወይም የጤና ጉዳይ ከሆነ ግን ፎርሙ ላይ አታውጪው።

«ወደፊት ትልቅ ቦታ ይደርሳል» የሚለውንም ተዪው፣ አናውቅም። እኔ በእሱ ፋንታ ራሴን እንዲህ እጠይቃለሁ፦ ይህ ልጅ ሰኞ ጠዋት ተቀጥሮ ቢመጣ ያለ ስጋት ምን እሰጠዋለሁ፣ ምንስ ገና አልሰጠውም? መልሱን በሁለት መስመር አጠቃላይ አስተያየት የሚለው ቦታ ላይ አሰፍራለሁ። ቀጣሪ ፎርሙን ካየው መጀመሪያ የሚያነበው እዚያ ነው።

ሳትፈርሚ በፊት ለልጁ አንብቢለት። ነጥቡን እንዲደራደር አይደለም፤ የሳትሽው ነገር እንዳለ እንዲነግርሽ ነው። ያቺ ልጅ ረቂቁን አይታ ስለ 11ዱ ምንም አላለችም። «የአቅራቢዎቹ ዝርዝር ላይ ሁለቴ የተመዘገቡ ስሞችን አውጥቼ ለጋሼ ሰጥቻቸው ነበር» አለች። ጋሼ ያለቻቸው የግዢ ክፍሉን ሰውዬ ነው። ሄጄ ጠየቅኳቸው፤ እውነት ነው፣ ዝርዝሩን እስካሁን እየሠሩበት ነው። ይህን ሳላውቅ ልፈርም ነበር። አንድ መስመር ጨምሬ ሰጠኋት። የፎርሙን ቅጂ ከዚያ የሳምንታት ወረቀት ጋር አንድ ላይ አስቀምጪው፤ ልጁ ቆይቶ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፊልኝ ብሎ ሲመጣ ያን ጊዜ ምንም አታስታውሺም።