ከተቅማጥ በኋላ ወተት የማይስማማው ልጅ፦ ስለ ትንሹ አንጀት ግድግዳ ጥያቄና መልስ

ከደሴ አንዲት እናት፦ የሁለት ዓመት ልጄ ከተቅማጥ ዳነ፤ የላም ወተት ስሰጠው ግን ሆዱ ይነፋና እንደገና ያስቀምጠዋል። ድሮ ይስማማው ነበር፤ ምን ሆኖ ነው?

እህቴ፣ የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ልሙጥ አይደለም። እንደ ፎጣ ክር ተጠጋግተው የቆሙ፣ ቁመታቸው ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር የሚደርስ ቪላይ የሚባሉ ቀጫጭን ቅጥያዎች ይሸፍኑታል። ቪላይን የሚያለብሰው አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ሲሆን፣ ሕዋሶቹ ከሥሩ ባሉ ጉድጓዶች ተፈጥረው ወደ ላይ እየወጡ ይበስላሉ፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜም ጫፍ ላይ ደርሰው ይረግፋሉ። የወተትን ስኳር የሚሰባብረው ላክቴዝ በብዛት የሚገኘው በበሰሉት ሕዋሶች ላይ ነው፤ እንደ ሮታ ቫይረስ ያለው ተህዋስ የሚያጠቃውም እነዚህኑ ነው። ጫፉ ሲላጥ ቪላይ ያጥራል፣ በጥድፊያ የሚተኩት ለጋ ሕዋሶችም ላክቴዝን ገና በበቂ አላወጡም። ያልተሰባበረው ስኳር ውኃ እየሳበ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ ይሆናል። ሰገራው ውኃማና አረፋ ያለው፣ ሽታውም የሚኮመጥጥ ከሆነ፣ የመቀመጫውም ቆዳ ከቀላ፣ ይህን ያመለክታል።

አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል። እስከዚያው የላም ወተቱን ቀንሰው እርጎ ይሞክሩለት፤ የሚጠባ ከሆነ ግን ጡት አይከልክሉት። ሰገራው ላይ ደም ካዩ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ተቅማጡ 14 ቀን ከሞላው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ከኮምቦልቻ አንድ ተማሪ፦ የቪላይ ጥቅም ስፋት መጨመር ነው፤ ጠቅላላው የቴኒስ ሜዳ ያህላል ተብለናል። ታዲያ ጫፉ ብቻ ቢላጥ ምን ይጎድላል?

ስፋት ይጨምራል ያልኸው ልክ ነው፤ የቴኒስ ሜዳው ግምት ግን የቆየ ነው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊድን ተመራማሪዎች ልኬት ወደ 30 ካሬ ሜትር አውርዶታል። ዋናው ነገር ግን ስፋቱ ብቻ ሳይሆን በላዩ ያለው ሕዋስ ብስለት ነው። የበሰለው ሕዋስ ስኳርንና አሚኖ አሲድን አሳልፎ በቪላዩ ውስጥ ላሉት የደም ሥሮች ይሰጣል፣ እነሱም ወደ ጉበት ይወስዱታል፤ አብዛኛው ስብ ግን በመካከል ባለው የሊምፍ ቧንቧ በኩል ይሄዳል። ለጋ ሕዋስ ቦታውን ቢሸፍንም ይህን ሥራ በሙሉ አይሠራም።

አንድ አባት፦ እኔም በ45 ዓመቴ ወተት ይነፋኛል። ቪላዬ ተልጦ ይሆን? እንጀራስ ልተው?

ጋሼ፣ የእርስዎ ነገር ከልጁ ይለያል። በብዙ አዋቂዎች ዘንድ ቪላይ ጤነኛ ሆኖ ላክቴዝ ብቻ በዘር ምክንያት ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል። በአንዳንድ ሰዎች ቪላይን የሚጎዳው፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን በጤፍ እንጀራ ስለሌለ የሚተዉበት ምክንያት የለም። ክብደት የሚቀንሱ ወይም የደም ማነስ ያለብዎት ከሆነ ግን ግሉተን ቪላይዎን እየጎዳ እንደሆነ ይመርመሩ፤ ከምርመራው በፊትም ስንዴና ገብስ አያቋርጡ፣ ውጤቱን ያዛባልና።

አንዲት ነርስ፦ ተቅማጥ የሌለባቸው ልጆችም ቪላያቸው ሊያጥር ይችላል። ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቢሟላ ይመለሳል፣ አይደል?

ማጠሩ እውነት ነው፣ ደጋግሞ በሚገባ ጀርም ይመጣል ተብሎም ይታመናል። ሆኖም በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ በተደረጉት ትላልቅ ሙከራዎች ውኃና መጸዳጃን በቤት ደረጃ ማሻሻል ብቻውን፣ በቪላይ ማጠር ይገታል የሚባለውን የልጆቹን ቁመት አልጨመረም። የቀረበው ንጽሕና አንሶ ነው ወይስ ቪላይን የሚያሳጥረው ሌላ ነገር አለ በሚለው ላይ ባለሙያዎች ገና አልተስማሙም።