መልስ፦ የውሸት ቃልና ግዴታ

«ማንም ካልተጎዳ በውሸት ቃል መግባት ለምን ስህተት ይባላል?»

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አንድ የቸገረው ሰው በምሳሌነት ያመጣል። መበደር አለበት። እንደማይከፍል ያውቃል፤ ግን «በዚህ ቀን እመልሳለሁ» ካላለ ማንም አያበድረውም።

ካንት ውጤቱን አያይም። የሚያየው ሰውየው የሚመራበትን ደንብ ነው፦ «ሲቸግረኝ የውሸት ቃል ገብቼ እበደራለሁ።» ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ «እመልሳለሁ» የሚለው ቃል ባዶ ድምፅ ይሆናል፣ አበዳሪም ሰምቶ ይስቃል፣ ስለዚህ ሰውየው ሊጠቀምበት ያሰበው መንገድ ራሱ ይጠፋል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካንት «ብድር ቢቀር አገር ይጎዳል» ማለቱ አይደለም። ሰውየው ሌላው ሁሉ ቃሉን እንዲያከብር ይፈልጋል፣ ራሱን ብቻ ግን ነፃ ያወጣል፤ ግጭቱ ያለው እዚያው ፈቃዱ ውስጥ ነው።

አበዳሪውንም እየው። እውነቱን ቢያውቅ እሺ አይልም ነበር፤ እሺታው የተወሰደው ተታሎ፣ እንደ ዕቃ ተቆጥሮ ነው። ተበዳሪው በማግስቱ ሎተሪ ወጥቶለት ብድሩን ቢመልስ እንኳ ያ አይፋቅም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ይሄኛው ነው።

ሰው መርዳትም ግዴታ ነው፤ ማንን፣ መቼና ምን ያህል የሚለው ግን ላንተ የተተወ ነው። በውሸት ቃል ላይ ያ ምርጫ የለህም።