18 ካራት እና 750፦ ቁጥሩ ለምን ተለያየ?

«ሁለት ቀለበት አማርጬ አንዱ ውስጡ ላይ 585፣ ሌላው 750 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። ሻጩ ግን የሚያወራው ስለ 14 እና ስለ 18 ካራት ነው። ባለ 14ቱ 6 ግራም፣ ባለ 18ቱ 5 ግራም ይመዝናል። ካራት ክብደት ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ታዲያ የቱ ነው ብዙ ወርቅ ያለበት?»

ብዙ ወርቅ ያለበት ቀላሉ ነው፣ ባለ 5 ግራሙ።

ግራ የሚያጋባው ካራት የሚባለው ቃል ሁለት ሥራ ስላለው ነው። ለአልማዝና ለመሰል የከበሩ ድንጋዮች ሲሆን ክብደት ነው፤ አንዱ ካራት 200 ሚሊግራም። ወርቅ ላይ ሲመጣ ግን ሚዛን ውስጥ አይገባም፣ የሚናገረው ድርሻን ነው። ቀለበቱ 24 እኩል ክፍል ቢደረግ ስንቱ ንጹሕ ወርቅ ነው ማለት ነው፤ የቀረው መዳብ፣ ብር ወይም ሌላ ቅይጥ ነው። ስለዚህ «18 ካራት የሚመዝን ቀለበት» አይባልም፣ «ባለ 18 ካራት ቀለበት» ነው የሚባለው።

ውስጡ ላይ የተቀረጸው ቁጥርም ያንኑ ድርሻ ይነግረናል፣ ልዩነቱ የሚቆጥረው ከሺህ መሆኑ ነው። 18ን ለ24 አካፍለው በ1000 ያባዙት፣ 750 ይመጣል። 14 ላይ ከሞከሩት ግን 583 ከምናምን ነው የሚያገኙት፤ ማኅተሙ ላይ 585 የሚሆነው አሠራሩ ትንሽ ከፍ አድርጎ ስለያዘው ነው፣ ማንም አላጭበረበረዎትም።

አሁን ወደ ቀለበቶቹ። 6 ግራም በ0.585 ሲባዛ 3.51 ግራም ንጹሕ ወርቅ ይሆናል። 5 ግራም በ0.750 ደግሞ 3.75። የአንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ ዋጋ ለስሌት እንዲቀለን 100 ነው ብንል፣ የመጀመሪያው ውስጥ ያለው ወርቅ 351፣ የሁለተኛው 375 ያወጣል። ሱቅ ውስጥ የሚጠሩልዎት ዋጋ ከዚህ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም የእጅ ሥራውና ትርፉ ይጨመርበታል። መልሰው ሲሸጡት ግን ብዙውን ጊዜ የሚታሰብልዎት ወርቁ ብቻ ነው፣ ያውም ትንሽ ተቀንሶ።

ካራቱ ከፍ ያለ ሁሉ ይሻላል ማለት ግን አይደለም። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይጫጫራል፣ ይጣመማል። በየቀኑ ከጣት ለማይወልቅ ቀለበት ባለ 14 ካራቱ የተሻለ ይችላል።

ማኅተሙን ብቻ አይመኑ፣ ቁጥር ማንም ይቀርጻል። ቀለበቱ ያገለገለ ከሆነ ጠርዙንና በመዳፍ በኩል የሚውለውን ጎን በደንብ ይዩት፤ እዚያ ጋ ከሥር ሌላ ቀለም ብቅ ካለ የተለበጠ ነው። አዲስ ከሆነ ግን በዓይን አይለይም፣ አንጥረኛ በመፈተኛ ድንጋይና በአሲድ ይሞክረው። ፈርጥ ካለበት ደግሞ 5 ግራሙ የድንጋዩንም ክብደት ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከጨመረ ከላይ ያለው ስሌት ይወርዳል፣ ምናልባትም ባለ 14ቱ ይበልጣል።